አልትራሳውንዱ «ኩላሊት አብጧል፣ ጠጠር አልታየም» ካለ ሲቲ ስካን የግድ ነው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር ሰላም፣ 36 ዓመቴ ነው፣ ሹፌር ነኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግራ ጎኔን መጣ ሄደ እያለ በጣም ይወጋኛል፣ እስከ ብሽሽቴ ይወርዳል። አልትራሳውንድ ተነስቼ ‹ግራ ኩላሊት በመጠኑ አብጧል፣ ጠጠር አልታየም› ተባልኩ። አሁን ደግሞ ሲቲ ስካን ተነሳ ብለውኛል፣ ዋጋው ከበደኝ። ጠጠር ካልታየ የለም ማለት አይደለም እንዴ? ሌላ ቦታ ሄጄ አልትራሳውንዱን ባስደግመው አይሻልም?»

መልስ፦

ሰላም ወንድሜ። አይደለም፣ አልትራሳውንድ ጠጠር አላየም ማለት ጠጠር የለም ማለት አይደለም። እንደውም ህመምህ ከጎን ተነስቶ ብሽሽት ድረስ የሚወርድ፣ መጣ ሄደ የሚል ከሆነና በዛው በኩል ያለው ኩላሊት አብጦ ከተገኘ፣ አንድ ነገር ታች ሽንቱን ይዞታል ብሎ ማሰብ ነው ያለብን፣ በዚህ እድሜ ደግሞ ያ ነገር ብዙ ጊዜ ጠጠር ነው። ሲቲውን ዛሬውኑ መነሳት አለብህ ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱ ጋ እመጣለሁ።

መጀመሪያ አልትራሳውንዱ ለምን እብጠቱን አይቶ ጠጠሩን እንዳላየ ልንገርህ፣ ይሄ ከገባህ የቀረው ይቀልሃል። ኩላሊት ያጣራውን ሽንት መሃሉ ላይ ያጠራቅምና በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይለቀዋል። ይሄ ቱቦ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ውስጡ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጠጠር ከኩላሊት ተነስቶ ሲወርድ የሚያዝባቸው ሶስት ጠባብ ቦታዎች አሉ፤ ቱቦው ከኩላሊት የሚጀምርበት፣ መሃል ላይ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ደም ስር የሚሻገርበት፣ እና ፊኛ ውስጥ የሚገባበት። አንዱ ጋ ሲቀረቀር የቤት ቧንቧ ታች ሲደፈን ውሃው ላይ እንደሚቆመው ሽንቱ ወደ ኋላ ይቆምና ኩላሊቱ መሃል ያለው ማጠራቀሚያ ይሰፋል። ሰው «ኩላሊቴ ውሃ ቋጠረ» የሚለው፣ ሪፖርት ላይ ደግሞ ሃይድሮኔፍሮሲስ ተብሎ የሚጻፈው ይሄ ነው።

አልትራሳውንድ ድምጽ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ነው የሚያነበው፣ ድምጽ ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ ጥሩ ያልፋል፣ በአየርና በአጥንት ግን አያልፍም። ኩላሊት ከጎን በኩል ጥሩ ይታያል፣ የሰፋ ማጠራቀሚያ ደግሞ በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ጥቁር ሆኖ ቁልጭ ይላል፣ ስለዚህ እብጠትን በማየት አልትራሳውንድ ጎበዝ ነው። ከቱቦው ላይ የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር በኩላሊቱ በኩል ይታያል፣ የታችኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ደግሞ ፊኛ በሽንት ከተሞላ በፊኛው በኩል ይታያል። መሃል ያለው ረጅሙ ክፍል አንጀት ስር ነው የሚሄደው፣ አንጀት ውስጥ ጋዝ አለ፣ ከዛ የዳሌ አጥንት አለ፣ ስለዚህ እዛ ያለ ጠጠር ማሽኑ ውድ ሆነ ርካሽ፣ ባለሙያው ጎበዝ ሆነ ጀማሪ፣ ብዙ ጊዜ አይታይም። በአውሮፓ የሽንት አካላት ህክምና፣ ማለትም የዩሮሎጂ፣ መመሪያ ላይ የተቀመጠው ቁጥር አልትራሳውንድ ቱቦ ውስጥ ካሉ ጠጠሮች የሚያገኘው 45 በመቶ ገደማ ነው የሚል ነው፣ ኮንትራስት የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ ማቅለሚያ የሌለው ሲቲ ግን ከ95 በመቶ በላይ ያገኛል። ስለዚህ ያንተ ውጤት የባለሙያው ስህተት ላይሆን ይችላል፣ ማሽኑ እዛ ድረስ አያይም።

እና «ሌላ ቦታ ባስደግመው» ላልከው፣ እንደበፊቱ አድርገው ካነሱህ ያው ነው፣ በትክክል ከተዘጋጀህ ግን ሊጠቅም ይችላል። ብዙ ሰው ለአልትራሳውንድ ምግብም ውሃም ሳይቀምስ ጠዋት ይሄዳል፣ ለሐሞት ከረጢት ልክ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ከምርመራው አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ሶስት አራት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተህ ሽንትህን ያዝ። ፊኛህ ሲሞላ ቱቦው ፊኛ ጋ የሚገባበት ቦታ ይታያል፣ እዛ ደግሞ ብዙ ጠጠር ነው የሚቀረቀረው። ሌላም ነገር ይታያል፣ ዶፕለር የሚባለውን ቀለም ሲከፍቱ ከየኩላሊቱ የሚመጣው ሽንት ፊኛ ውስጥ ፊጭ ፊጭ እያለ ሲገባ በዓይን ይታያል፣ በቀኝ በኩል እየገባ በግራ በኩል ለብዙ ደቂቃ ምንም ካልገባ መዘጋቱ የጠነከረ ነው ማለት ነው፣ በሁለቱም በኩል ከገባ ደግሞ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። ይሄን አይተውልህ እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ካልተጠየቀ ብዙ ቦታ አይታይም፣ እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ተጨማሪ ገንዘብ የማያስወጣ አምስት አስር ደቂቃ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው።

ግን ፊኛ ከመጠን በላይ ሲወጠር ራሱ ኩላሊትን በትንሹ ሊያሳብጥ ይችላል፣ በተለይ በሁለቱም በኩል። ስለዚህ እብጠት ከተገኘ ሽንትህን ሸንተህ ተመልሰህ እንደገና መታየት አለብህ። ከሸናህ በኋላ ከጠፋ ሽንቱ ነበር፣ ከቆየ እውነተኛ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሰው ውሃ ሳይጠጣና እያስመለሰ ውሎ፣ ወይም ህመሙ በጀመረ በሁለተኛው በሶስተኛው ሰዓት ከታየ፣ ጠጠር ቱቦውን ዘግቶ እያለ ኩላሊቱ ገና ላይሰፋ ይችላል፣ «ኩላሊትህ ደህና ነው» ተብሎ ይላካል። ሌላው የሚያሳስተው ኩላሊቱ መሃል ላይ የሚገኝ ተራ የውሃ ከረጢት ነው፣ በአልትራሳውንድ እብጠት ይመስላል፣ ልዩነቱ እውነተኛ እብጠት ውስጥ ጥቁሮቹ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፣ ከረጢት ግን ለብቻው ነው የሚቆመው።

«አሸዋ አለብህ» የሚባለውንም እግረ መንገዴን ልንካው፣ ብዙ ሰው በዚህ ይጨነቃል። ጠጠር በአልትራሳውንድ ነጭ ሆኖ ከጀርባው ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ ቀለሙን ሲከፍቱ ደግሞ ጠጠሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብልጭልጭ ይላል። ጥላም ብልጭታም የሌለው 2 ሚሊ ሜትር ነጭ ነጥብ ብዙ ጊዜ የደም ስር ግድግዳ ወይም ስብ ነው፣ ለእሱ ተብሎ ለዓመታት መድሃኒት የሚዋጥበት ምክንያት የለም።

አሁን አንድ ታማሚ ልንገርህ፣ ካንተ ጋር ስለሚመሳሰል። 44 ዓመቱ ነው፣ ነጋዴ፣ ግራ ጎኑን ታሞ አልትራሳውንድ ተነሳ። ሪፖርቱ «ግራ ኩላሊት በመጠኑ አብጧል፣ በታችኛው የኩላሊት ክፍል 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር አለ» ይላል። «4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ናት፣ ውሃ ጠጣ ትወጣለች» ተባለና ማስታገሻ ይዞ ሄደ። ከአስር ቀን በኋላ ህመሙ ጠፋ፣ ወጣች ብሎ ረሳው። ከሶስት ወር በኋላ ጎኑን ከበድ ከበድ እያለው መጥቶ እኔ ጋ ሲታይ እብጠቱ ከትንሽ ወደ መካከለኛ አልፏል፣ የኩላሊትን ስራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒኑ፣ ከፍ ብሎ 1.4 ሆኗል፣ ያቺ 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር ግን እዛው የነበረችበት ቦታ ተቀምጣለች።

እዚህ ጋ ነው ማሰብ ያለብን። ኩላሊት ውስጥ በታችኛው ጥግ የተቀመጠች ጠጠር መውጫውን አትዘጋም፣ ስለዚህ ሙሉ ማጠራቀሚያውን ልታሳብጥ አትችልም። አልትራሳውንዱ ያያት ጠጠር እውነት ነበረች፣ ህመሙን ያመጣችው ግን እሷ አልነበረችም። ያለ ኮንትራስት ሲቲ ሲነሳ ቱቦው መሃል ላይ፣ አራተኛው የወገብ አጥንት ትይዩ፣ 8 ሚሊ ሜትር የሆነች ሌላ ጠጠር ተቀርቅራ ተገኘች፣ ጥንካሬዋ ደግሞ ሲቲው በሚለካበት ሃውንስፊልድ በሚባለው መለኪያ 1100 ገደማ ነበር። ይሄ ቁጥር ሲጠነክር፣ በተለይ ከ1000 ሲያልፍ፣ ከውጭ በሞገድ የመስበሩ ህክምና ብዙም አይሳካም፣ ስለዚህ በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን ካሜራ ገብቶ በሌዘር ተሰበረችና ሽንቱ እንዲያልፍ ለጊዜው ዲጄ የሚባለው ቀጭን ቱቦ ተቀመጠለት። ክሬአቲኒኑ ወረደ፣ እብጠቱ ግን በኋላ በተደረገው አልትራሳውንድም ትንሽ ቀርቶ ነበር፣ ለረጅም ጊዜ የተወጠረ ማጠራቀሚያ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም።

ከዚህ ታሪክ እንድትይዝልኝ የምፈልገው ህመሙ ጠፋ ማለት ጠጠሩ ወጣ ማለት አለመሆኑን ነው። የሚያሳምመው በድንገት የሚመጣው ውጥረት ነው፣ ኩላሊቱ ውጥረቱን ሲለምደው ህመሙ ይቀንሳል፣ መዘጋቱ ግን ሊቀጥል ይችላል፣ እና ለሳምንታት የቀጠለ መዘጋት ያንን ኩላሊት ዝም ብሎ ያደክመዋል፣ ሌላኛው ኩላሊት ስራውን ስለሚሸፍን ሰውየው ምንም አይታወቀውም። ስለዚህ ጠጠሩ ሲወጣ በዓይንህ ካላየኸው በስተቀር (በማጣሪያ ወይም በጨርቅ ላይ ሽና፣ ካገኘሃት አምጣት ትመረመራለች) ህመሙ ቢተውህም እብጠቱ መጥፋቱን በአልትራሳውንድ ማረጋገጥ አለብህ። ለዚህ ክትትል አልትራሳውንድን የሚያህል የለም፣ ጨረር የለውም፣ ዋጋው ይቀላል፣ ደጋግመህ ብትነሳ አይጎዳህም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ሲቲው አሁን ይነሳ ወይስ ይቆይ። አሜሪካ ውስጥ በ15 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የተሰራና በ2014 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፣ 2,759 የጠጠር ህመም የተጠረጠረባቸው ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ሲሶው ገደማ በሲቲ ሌሎቹ በአልትራሳውንድ ተጀመሩ። በአልትራሳውንድ በተጀመሩትና በሲቲ በተጀመሩት መካከል ሳይታወቅ ቀርቶ ጉዳት ያመጣ ከባድ በሽታ ልዩነት አልነበረውም። ግን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ራሱ አልትራሳውንድ ካነሳቸው ውስጥ ከመቶ 41 ያህሉ በኋላ ሲቲ አስፈልጓቸዋል፣ በራጅ ክፍል ከተነሱት ደግሞ 27 ያህሉ። እኔ ከዚህ የምረዳው በአልትራሳውንድ መጀመር ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው እዛው ይጨርሳል፣ ሲቲ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ሐኪሙ ገንዘብ ፈልጎ ነው ብሎ ማሰብ የለበትም ነው።

ያንተን ሁኔታ ካየሁት፣ እብጠቱ ትንሽ ነው፣ ትንሽ እብጠት ያለበት ሰው ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ጠጠር የመገኘት እድሉ ዝቅ ይላል (ከላይ እንደነገርኩህ ታማሚ ግን ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ አትተማመን)። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆኑት ውስጥ ከሶስት ሁለቱ ገደማ በራሳቸው ይወጣሉ፣ ከ5 እስከ 10 ከሆኑት ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። እንግዲህ ትኩሳት ከሌለህ፣ ህመሙ በማስታገሻ ከተያዘ፣ ክሬአቲኒንህና የሽንት ምርመራህ ደህና ከሆኑ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችህ ካሉ፣ ከሐኪምህ ጋር ተነጋግረህ ሲቲውን አቆይተህ ከአንድ ወይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊኛህ ሞልቶ አልትራሳውንዱን መድገም ትችላለህ። እብጠቱ ከጠፋና ህመሙ ከተወህ ሲቲ አያስፈልግህም ብዬ አምናለሁ። እብጠቱ እዛው ካለ ወይ ከጨመረ፣ ህመሙ እየተመላለሰ ካስቸገረህ ወይ ክሬአቲኒንህ ከፍ ካለ ግን ገንዘቡን ፈልገህ ተነሳ፣ ያኔ ጠጠሩ የት እንዳለ፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነና ምን ያህል እንደጠነከረ ሳይታወቅ ህክምናውን መወሰን አይቻልም። አልትራሳውንድ መጠንን ብዙ ጊዜ ያጋንናል፣ በሲቲ 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ጠጠር በአልትራሳውንድ 5 ወይ 6 ትባላለች፣ እና በዛ ሚሊ ሜትር ላይ ነው እንጠብቅ ወይስ እናውጣ የሚለው የሚወሰነው። ብንጠብቅም ቢበዛ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፣ ከዛ በላይ የተዘጋ ኩላሊት ይዞ መቀመጥ አይገባም።

ከጠጠር ውጭ የሆነ ምክንያትም እንዳይረሳ። በመካከለኛው አዋሽ ወይ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ አካባቢ ያደገ ሰው የሽንት ቢልሃርዝያ ቱቦውን አጥብቦት ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ስርዓት ቲቢም እንደዛው። እድሜያቸው የገፋ ወንዶች ላይ ሁለቱም ኩላሊት ካበጠ ፕሮስቴት፣ ሴቶች ላይ ከሆነ ደግሞ የማህጸን በር ካንሰር መታሰብ አለበት፣ እርጉዝ ከሆነች እርግዝናው ራሱ በተለይ ቀኝ ኩላሊትን ያሳብጣል፣ እሷ ላይ ሲቲ ከመታሰቡ በፊት አልትራሳውንድ ነው የሚቀድመው። 60 ዓመት አልፎት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ የጎን ውጋት የያዘው ሰው ደግሞ ሳይዘገይ መታየት አለበት፣ የሆድ ዋና ደም ስር አብጦ ሊፈነዳ ሲል በጣም ይመሳሰላል።

አሁን ከሁሉም በላይ የምፈራውን ልንገርህ። ሰውነትህ ከ38 ዲግሪ በላይ ካተኮሰህ ወይም ካንቀጠቀጠህ፣ ሽንትህ ከጠፋ፣ ወይም ማስመለሱ መድሃኒት አልያዝ ካለህ ቀጠሮም ሲቲም አትጠብቅ፣ በሌሊትም ቢሆን ዩሮሎጂ ወዳለበት ሆስፒታል ሂድ። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ የታመቀው የተበከለ ሽንት ወደ ደም ይገባል፣ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ አንቲባዮቲክ ብቻውን ደግሞ አይበቃም ምክንያቱም መድሃኒቱ ወደተዘጋው ኩላሊት በቂ ሆኖ አይደርስም። ማስተንፈስ ነው የሚያድነው፣ ወይ በጀርባ በኩል በመርፌ ኩላሊቱ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ወይ በሽንት መውጫ በኩል ዲጄ ይቀመጣል። ጠጠሩን ማውጣት ያኔ አይታሰብም፣ ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ ነው። የጀርባው ቱቦ የሚገባው ደግሞ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ስለሆነ ትኩሳትና እብጠት እያለ ሲቲ እስኪገኝ ተብሎ ሰው ሲጠብቅ ማየት በጣም ያሳዝነኛል፣ ያበጠውን ያየው ማሽን ለማስተንፈስም ይበቃል።

ማስታገሻን በተመለከተ ዳይክሎፌናክ ለዚህ ህመም ጥሩ ነው፣ ግን ክሬአቲኒንህ ሳይታወቅ በየቀኑ አትውሰደው፣ የጨጓራ ቁስለት ካለብህም ለሐኪምህ ንገረው። ህመሙ በተነሳበት ሰዓት ደግሞ ጠጠሩን ይገፋዋል ተብሎ ሊትር ሊትር ውሃ ወይ ቢራ መጠጣት አያስወጣውም፣ የተዘጋውን ኩላሊት የበለጠ ይወጥረዋል፣ ሲጠማህ ጠጣ፣ በቃ። ብዙ ውሃ የሚጠቅመው ሌላ ጠጠር እንዳይሰራ ነው፣ እና ሹፌር ስለሆንክ ሽንት እንዳይመጣብህ ብለህ ሳትጠጣ እንደምትውል እገምታለሁ፣ እሱን ማስተካከል አለብህ።

ሲቲ የምትነሳ ከሆነ ማዘዣው ላይ ያለ ኮንትራስት፣ ለጠጠር ተብሎ መጻፉን እይ። ኮንትራስት በሲቲ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ጠጠርም ነጭ ነው፣ ኮንትራስቱ ቱቦው ውስጥ ሲወርድ ጠጠሩን ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ መርፌ ያልወጉኝ ምርመራው ጎድሎ ነው ብለህ እንዳታስብ፣ ዋጋውም ያለ ኮንትራስት ይቀንሳል። ዝቅተኛ ጨረር ያለው የጠጠር ፕሮግራም እንዳላቸውም ጠይቅ፣ ተራው የሆድ ሲቲ ወደ 10 ሚሊ ሲቨርት ሲሆን ይሄኛው 3 ገደማ ነው፣ በጣም ወፍራም ካልሆንክ ህመም የሚያመጡትን ጠጠሮች አያመልጡትም። ሲቲው ፈጽሞ ካልቻልክ ተራ የሆድ ራጅ ከአልትራሳውንዱ ጋር ተነሳ፣ ካልሲየም ያላቸው ጠጠሮች መሃል ቱቦ ላይም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ይታዩበታል፣ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ግን አይታይበትም፣ ስለዚህ ራጁ ባዶ ቢሆንም እብጠቱ ካለ ነገሩ አላለቀም። ሲቲ ተነስተህ ጠጠር ከተገኘም በዛው ቀን ራጁን ጨምር፣ በራጁ ላይ ከታየች ቀጣዩ ክትትል ሁሉ በራጅና በአልትራሳውንድ ይሆንልሃል፣ ሁለተኛ ሲቲ አትከፍልም።